የ31 ገጽ ፍርድ ለደንበኛ በሁለት ገጽ፦ ቀኑን ከየት ልቁጠር?

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ) · ነሐሴ 12

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ በአንድ ጥብቅና ቢሮ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። አለቃዬ የ31 ገጽ ፍርድ ሰጥቶኝ «ለደንበኛዋ የሚገባ ማስታወሻ ጻፊላት» አለኝ። ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ደንበኛዋ አንብባው ደወለችና «ልጄ፣ አሁን እኔ ልክፈል ወይስ አልክፈል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘጠኙ ገጽ ውስጥ ለዚህ መልስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጉዳዩን አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ማንነት እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ቀይሬያለሁ። ደንበኛችን መጋዘን አከራይ ናት። ተከራዩ የ18 ወር ኪራይ በወር 80,000 ብር ሒሳብ ቀድሞ ከፍሎ ገባ። ተጣሉ፣ ውሉ ተቋረጠ፣ ከሰሳት። እሷም የተሰበረ በርና ጣሪያ አለብህ ብላ የተከሳሽ ከሳሽነት አቀረበች፤ 210,000 ብር ጠየቀች። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ምድብ ችሎት ሐምሌ 21 ቀን 2017 ፈረደ። መጋዘኑን የተጠቀመበት 10 ወር ነው ብሎ የ8 ወሩን ኪራይ፣ 640,000 ብር፣ ክሱ ከቀረበበት ከጥር 14 ቀን 2016 ጀምሮ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር ትመልስ አለ። ለእሷ ደግሞ ለበሩ 85,000 ብር ፈረደላት፤ የጣሪያውን ውድቅ አደረገ። ተከራዩ በ30 ቀን ውስጥ ማሽኑንና መደርደሪያውን አንስቶ መጋዘኑን ያስረክብ ብሏል።

የፍርዱ ግልባጭ የደረሰን ነሐሴ 6 ነው። እኔ 60 ቀኑን ከዚያ ቆጥሬ ይግባኙ ጥቅምት 1 ያበቃል ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛዋ በበኩሏ «ሁለት ወር አይደል? መስከረም 21 ማለት ነው» ትላለች። ማን ነው ልክ? ማስታወሻውንስ እንዴት ባደርገው ይሻላል?

ጀጎል በር (ሐረር) · ነሐሴ 12

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ቀኑ የሚቆጠረው ግልባጭ ከደረሰሽ ነው። ፍርዱን ሳታነቢ በምን ላይ ይግባኝ ትያለሽ? ሐረር ስንት ዓመት የሠራሁት እንደዚህ ነው። ውሳኔው በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትሉ ታስታውቃላችሁ፣ ግልባጩ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ታስገባላችሁ። 60 ቀኑን ከየት እንዳመጣሽው ግን አልገባኝም።

አባ መዝገብ (ድሬዳዋ) · ነሐሴ 12

ልጄ፣ ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም፤ ደንበኛሽም አይደለችም።

ጀጎል በር ወንድሜ፣ የነገርካት የወንጀሉን ነው። የ15 ቀን ማስታወቂያና ግልባጭ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን የሚለው በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ ነው። እዚያ ትክክል ነህ። ይህ ግን ፍትሐ ብሔር ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 የሚሰጠው 60 ቀን ሲሆን መነሻው ፍርዱ የተሰጠበት ቀን ነው። ግልባጩ መቼ እንደደረሰሽ አይጠይቅም።

አሁን በጣት እንቁጠር። ፍርዱ ሐምሌ 21 ተነበበ፤ ቆጠራው ከ22 ይጀምራል። ከሐምሌ 22 እስከ 30 ዘጠኝ ቀን። ነሐሴ ሠላሳ፣ ድምሩ 39። ቀጥሎ ደንበኛሽ የዘለለችው አለ፦ ጳጉሜን። ዘንድሮ አምስት ቀን ናት፣ ድምሩ 44። የቀረው 16 ቀን ከመስከረም ይወሰዳል። የመጨረሻው ቀን መስከረም 16 ነው። «ሁለት ወር» ብሎ ከሐምሌ 21 ወደ መስከረም 21 የሚዘል ሰው አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ይበላቸዋል። ሕጉ ሁለት ወር አላለም፣ 60 ቀን ነው ያለው። በሌላ ወራት ሁለቱ አንድ ስለሚሆኑ ሰው ልማድ ያደርገዋል፤ ከሐምሌና ከነሐሴ ፍርድ ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

መስከረም 16 ደግሞ የደመራ ዕለት ነው። አርብ ይውላል፣ በማግስቱ መስቀል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ይግባኝ ይዞ መዝገብ ቤት በር ላይ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ አይቼዋለሁ። ስለዚህ በማስታወሻሽ ላይ ሁለት ቀን ጻፊ፦ ሕጉ የሚዘጋበት መስከረም 16፣ እናንተ የምታስገቡበት ግን መስከረም 8።

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 12

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ጥቅምት 1 ብዬ የጻፍኩት ማስታወሻ ደንበኛዋ እጅ ላይ ነው ያለው። ነገ ጠዋት ሄጄ እቀይረዋለሁ። ባልጠይቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

አባ መዝገብ · ነሐሴ 12

መዝገብ ቤቱ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይመልስሻል። ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ ታመለክቻለሽ፤ በቂ ምክንያት አምጪ ትባያለሽ። ጠበቃዬ ቀኑን ተሳሳተ የሚለው ምክንያት ተቀባይነት የለውም፤ ሕጉ የጠበቃንና የወኪልን ጥፋት በግልጽ አስወጥቶታል። ስለዚህ የአንቺ ስሕተት የሷ ዕዳ ይሆን ነበር። ነገ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ደውይላት።

ግልባጩ ዘግይቶ ከሆነ ያን ለማስረዳት ግልባጭ የጠየቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ይረዳል። ግን የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ መቁጠሪያ አይደለም።

እናት ቀፊራ · ነሐሴ 13

ልጆቼ ይቅርታ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ቀፊራ ገበያ ነው የምሠራው። 60 ቀን ስትሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። የልጄ ባል ከሥራ ተባሮ ከሶ ተሸነፈ፤ ሐምሌ 14 ነው የተፈረደበት። 60 ቀን አለን ብለን ተቀምጠናል። እንደናንተ ከሆነ እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ አለው ማለት ነው አይደል?

አባ መዝገብ · ነሐሴ 13

እትዬ፣ የለውም! የሥራ ክርክር 60 ቀን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ይግባኙ 30 ቀን ነው። ከሐምሌ 15 ከቆጠርን 16 ቀን ከሐምሌ፣ 14 ቀን ከነሐሴ፤ ነገ ነሐሴ 14 ያበቃል። ይህን ጽሑፍ እንዳነበቡ ልጅዎን ይዘው ይግባኙን የሚያየው ፍርድ ቤት ይሂዱ። የሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ዴስክ ካለ እዚያው ይጻፍላችሁ። አቤቱታው አጭር ቢሆንም ይግባ።

እናት ቀፊራ · ነሐሴ 13

እግዜር ይስጥልኝ። ሄድን።

ሳቢያን 04 · ነሐሴ 13

እኔ የማልስማማው በአንድ ነገር ነው አባ። ነሐሴና መስከረም የፍርድ ቤት እረፍት ነው። ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚሠራው። ዝግ በሆነ ፍርድ ቤት ላይ ቀን ይቆጠራል? አንዳንድ ጠበቆች እረፍቱ ሲያበቃ በማግስቱ እናስገባለን ሲሉ ሰምቻለሁ።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 13

ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ፤ አስገብተው የተሳካላቸውም የተመለሰባቸውም አሉ። ችሎቱ ያርፋል እንጂ መዝገብ ቤቱ አቤቱታ ይቀበላል። የሚቀበል ሰው እያለ ቀኑ ቆሟል ብሎ መከራከር ደንበኛን በክርክር ላይ ማስቀመጥ ነው። የመጨረሻው ቀን የበዓል ቀን ላይ ቢወድቅ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሻገራል፤ ሁለት ወር ሙሉ ግን እንደ በዓል ይቆጠራል የሚል ነገር ላይ ደንበኛዬን አላስቀምጥም።

ሳቢያን 04 · ነሐሴ 13

አልተዋጠልኝም፤ ግን ለማስታወሻ መስከረም 16 መጻፉን አልቃወምም።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 13

ወደ ማስታወሻው እንመለስ። ከዚራ፣ ዘጠኝ ገጹን እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው? የከሳሽ ክስ፣ የተከሳሽ መልስ፣ የምስክሮች ቃል፣ የፍርድ ቤቱ ምርመራ እያልሽ በፍርዱ ቅደም ተከተል ሄድሽ አይደል?

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 13

በትክክል። ውሳኔው ስምንተኛው ገጽ ላይ ነው የመጣው።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 13

ስለዚህ ፍርዱን ከጭራው አንብቢ። መጨረሻ ላይ «ውሳኔ» የሚል ርዕስ አለ፣ ከዚያ «ትዕዛዝ» የሚል። ሊፈጸም የሚችለው እዚያ የተጻፈው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው 28 ገጽ ሐተታ ነው፤ ለይግባኝ ይጠቅማል፣ ለአፈጻጸም ግን አይጠቅምም። ውሳኔና ትዕዛዙን አንድ በአንድ አውጥተሽ ለእያንዳንዱ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ባይፈጸም ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ያንን አድርጊና ያጋጠመሽን ንገሪን። ቢያንስ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ታገኛለሽ።

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 14

ሦስት አገኘሁ።

አንደኛ፣ 640,000 ብሩን «ትክፈል» ይላል እንጂ ቀን አልሰጠውም። ደንበኛችን ቀን ስለሌለው ጊዜ አለኝ ብላ ነበር።

ሁለተኛ፣ 85,000 ብሩ «ይክፈላት» ተብሎ ለብቻው ተጽፏል። ከ640,000 ላይ ይቀነስ አይልም።

ሦስተኛው አስለቀሰኝ። ገጽ 24 ላይ ዳኛው «ከሳሽ የተጠቀመበትን የመብራት ክፍያ 18,400 ብር እንዳልከፈለ ተረጋግጧል» ይላል። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ደንበኛችን 18,400 ብር አሸንፋለች ብዬ ጽፌያለሁ። ውሳኔው ውስጥ ግን የመብራቱ ነገር የለም። አንድም ቃል።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 14

ጎበዝ። ሦስቱንም ልያዝ።

ቀን ያልተሰጠው ገንዘብ ወዲያው የሚከፈል ነው። ተከራዩ ነገ የአፈጻጸም መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል፤ የባንክ ሒሳቧ ሊታገድ ይችላል። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይግባኙን ካስገባሽ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አፈጻጸሙን እንዲያግድ ለብቻው ማመልከት አለብሽ። ሳይታገድ ቢፈጸም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስባት ማሳየት አለብሽ፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ዋስትና ይጠይቃል፦ ገንዘቡን ማስያዝ ወይም የባንክ ዋስትና። ያ ወጪ በማስታወሻው ውስጥ ይግባ። «ይግባኝ እንላለን» ስትያት በነጻ የሚመጣ እንዳይመስላት።

ወለዱንም በብር አስልተሽ ስጫት። 9 በመቶ ስትያት አይታያትም። 640,000 ላይ በዓመት 57,600 ብር ነው፤ በወር 4,800። ከጥር 14 ቀን 2016 እስከ ፍርዱ ቀን ወደ 87,000 ብር ደርሷል። ይግባኙ ስድስት ወር ቢፈጅ ሌላ ወደ 29,000 ይጨመራል። ይህን ስታይ የምትወስነው ሌላ ሊሆን ይችላል።

85,000 ብሩን ማቀናነስ ተገቢ ነው፤ ግን እሷ ራሷ ቀንሳ የቀረውን ልትከፍልና በቃ ልትል አትችልም። በአፈጻጸም ጊዜ ይቻቻል ብለሽ ታመለክቻለሽ፣ ወይም ከወዲያኛው ወገን ጋር በጽሑፍ ትስማማላችሁ።

ጀጎል በር · ነሐሴ 14

ቅድም ላለው ስሕተት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወንጀል ብቻ ስለምሠራ ነው። ስለ መብራቱ ግን አስተያየት አለኝ። ዳኛው ረስቶታል። ቁጥር 208 የጽሑፍና የሒሳብ ስሕተት ይታረማል ይላል። ለዚያው ችሎት ማመልከት ነው፤ ይግባኝ ለምን?

ሳቢያን 04 · ነሐሴ 14

የጽሑፍ ስሕተት ማለት 640,000 ለማለት 64,000 መጻፍ ነው። ውሳኔ ውስጥ ጭራሽ ያልገባ ነገር ማስገባት ውሳኔውን መለወጥ ነው፤ ዳኛው ፈርዶ ጨርሷል።

ጀጎል በር · ነሐሴ 14

ተረጋግጧል ብሎ ጽፎ ውሳኔው ላይ ካልጻፈው መዘንጋት እንጂ ምን ይባላል?

አባ መዝገብ · ነሐሴ 14

ሁለታችሁም የሚያሳምን ነገር አላችሁ፤ ዳኞችም በዚህ ሲለያዩ አይቻለሁ። ከሁሉ በፊት የሚታይ አንድ ነገር ግን አለ። ከዚራ፣ የተከሳሽ ከሳሽነት አቤቱታችሁ ውስጥ መብራቱን ጠይቃችሁ ነበር? ካልጠየቃችሁት ዳኛው ቢጠቅሰውም ሊፈርድላችሁ አይችልም፤ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 14

አቤቱታውን የጻፉት ከኛ በፊት የነበሩት ጠበቃ ናቸው። «የበርና የጣሪያ ጉዳት እንዲሁም ሌሎች ያልተከፈሉ ወጪዎች» ይላል፤ የ210,000 ብሩ ዝርዝር ውስጥ ግን መብራት የለም።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 14

እንግዲህ «ሌሎች ወጪዎች» የሚለውን ይዛችሁ ትሞክሩ ይሆናል። ለደንበኛዋ ግን አሸንፈሻል አትበያት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ይግባኙ ያዋጣል ወይ ወደሚለው። ደንበኛሽ በምን ነው የምትከራከረው?

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 14

12 ወር ነው የተጠቀመበት ትላለች እንጂ 10 አይደለም። የሁለት ወር ልዩነት፣ 160,000 ብር ነው። የመጋዘኑ ዘበኛ መስክሮላት ነበር፤ ዳኛው የከሳሽን ሁለት ምስክሮች አመነ።

አለቃዬ «ከፍተኛው ፍርድ ቤት ባይቀበለን ሰበር አለን» ብሎኛል፤ እሱን ነው የጻፍኩት።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 14

ልብ በይ። ይህ የፍሬ ነገር ክርክር ነው፦ ምስክሩ ማን ይታመን? የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ድሬዳዋ ምድብ ችሎት አለው። ይግባኙን ያዩና ቅሬታው የሚያስቀርብ ካልሆነ መልስ ሰጪውን ሳይጠሩ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 ይሰርዙታል፤ ከሆነ «ያስቀርባል» ብለው ይጠራሉ። ከፍተኛው ካጸናው ሌላ ይግባኝ የለም፤ የሚቀረው ሰበር ነው፣ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ። ሰበር ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት እንጂ ዘበኛው እውነቱን ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አይመዝንም። ስለዚህ ለዚች ሴት «ሰበር አለሽ» ማለት በስም እንጂ በተግባር አይሠራም። የ12 ወሩ ክርክር መጀመሪያውም መጨረሻውም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። በማስታወሻው እንደዚያው ጻፊው።

ሌላ መንገድም አለ። ዝም ብላ ተቀምጣ ወዲያኛው ወገን ይግባኝ ካለ ብቻ በመስቀለኛ ይግባኝ የራሷን ታነሳለች። ርካሽ ነው። ግን እሱ ይግባኝ ካላለ የሷ ቅሬታ አብሮ ይቀራል። የሱም 60 ቀን ያው መስከረም 16 ስለሆነ የሚያደርገውን አይታ ለመወሰን ጊዜ አይኖራትም።

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 16

አዲሱን ማስታወሻ ጽፌ አለቃዬ ፈርሞበታል። ሁለት ገጽ ሆኗል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ላሳያችሁ። «አንቺ» ያልኩት እሷ ራሷ ስለጠየቀችኝ ነው፤ የመጀመሪያውን «እርስዎ» እያልኩ ስጽፈው የመንግሥት ደብዳቤ መሰለኝ ብላለች።

«እማማ፣ ነሐሴ 12 ከመደወሌ በፊት በሰጠሁሽ ወረቀት ላይ ያለው የይግባኝ ቀን ስሕተት ነው፤ ቅደጂው።

የተፈረደብሽ፦ 640,000 ብር ከወለድ ጋር። እስከ ፍርዱ ቀን ወለዱ ወደ 87,000 ብር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ 4,800 ይጨምራል። ቀን ስላልተሰጠው አሁኑኑ ሊጠየቅ ይችላል። ተከራዩ ለአፈጻጸም ካመለከተ መጥሪያ ይደርስሻል፤ መጥሪያውን ተቀብለሽ በዚያው ቀን ደውይልን።

የተፈረደልሽ፦ ለበሩ 85,000 ብር። ከምትከፍይው ላይ ራስሽ አትቀንሺ፤ እኛ እናመለክታለን። የመብራቱን 18,400 ብር ፍርዱ ጠቅሶታል እንጂ አልፈረደልሽም። የምናገኝበት መንገድ መኖሩን እያጣራን ነው፤ እንደሚመጣ አድርገሽ አትቁጠሪው።

ተከራዩ እስከ ነሐሴ 21 ማሽኑንና መደርደሪያውን አውጥቶ መጋዘኑን ያስረክብሻል። ካላስረከበ በራስሽ በሩን ሰብረሽ ዕቃውን እንዳታወጪ፤ ነሐሴ 22 የአፈጻጸም ማመልከቻ እናስገባለን።

ይግባኝ፦ በሕግ የመጨረሻው ቀን መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት። እኛ የምናስገባው መስከረም 8 ነው። አንቺ እስከ ጳጉሜን 2 አዎ ወይም አይሆንም በይን። የምንከራከረው ስለ ሁለት ወሩ፣ ስለ 160,000 ብር ነው። ይህን ሊለውጥ የሚችለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። አፈጻጸሙ እንዲታገድ ከፈለግሽ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና ማስያዝ ይኖርብሻል።

ይግባኝ ካላልሽና ወዲያኛው ወገን ከተስማማ የምትከፍይው በፍርዱ ቀን ሒሳብ ወደ 642,000 ብር ይሆናል።»

ሁለተኛው ገጽ ዳኛው ለምን የከሳሽን ምስክሮች እንዳመነ ነው። እሱን ያሳጠርኩት በሦስት አንቀጽ ነው።

አባ መዝገብ · ነሐሴ 16

ጥሩ ነው። አንድ የቀረሽ ነገር አለ። ትዕዛዙ ውስጥ «ወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብት ተጠብቋል» የሚል አለ? ካለ ለማን እንደተጠበቀ እይና ጨምሪው። ተከራዩ ዝርዝሩን ካቀረበ ሌላ ገንዘብ ይመጣባታል፤ 642,000ው ያንን አልያዘም። በክሱ ጊዜ መጋዘኑ ላይ የተሰጠ እግድ ከነበረም «ተነስቷል» መባሉንና ደብዳቤው መጻፉን አረጋግጪ። እግዱ በትዕዛዝ ይነሳል፣ ደብዳቤው ግን ካልተከታተልሽው መዝገብ ውስጥ ይቀራል።

የከዚራ ጥላ · ነሐሴ 16

ለከሳሽ ተጠብቋል ይላል። የእግዱም ደብዳቤ አልወጣም! ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ነኝ።

እናት ቀፊራ · ነሐሴ 17

ልጆቼ፣ ነሐሴ 14 ከሰዓት አስገባን። ተቀበሉን። መዝገብ ቤቱ ማኅተም ያደረገበትን ወረቀት ልጄ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ሳቢያን 04 · ነሐሴ 17

እሰይ እትዬ። የመብራቱን ነገር ግን ያላለቀ ነው፤ ከዚራ፣ 208ን ከሞከራችሁ ዳኛው ያለውን እዚሁ ጻፊልን።